ለአዲስ ተከራይ ከቁልፉ ጋር የሚሰጥ ጽሑፍ፦ የግቢ ደንብ፣ ቆሻሻ፣ የጸጥታ ሰዓትና የሌሊት ስልክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮተቤ ባለው ግቢያችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዲት ተከራያችንን ምጥ ያዛት። ባሏ አምቡላንስ ጠራ። መኪናው ሰፈራችን ድረስ ቶሎ ደረሰ፤ ቤቱን ማግኘት ግን አቃተው። ባልየው በስልክ «ነጩ በር ነው» እያለ ይጮኻል፤ በዚያ ቅያስ ላይ ነጭ በር አራት ነው። ወጥቶ መንገድ ላይ እንዳይቆም ደግሞ የግቢው በር ከውስጥ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ እኔም ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ተኝቻለሁ። በመጨረሻ የመኝታ ቤቴን መስኮት በቡጢ ሲመታ ነቃሁ። እናትየዋ ሐኪም ቤት ደርሳ በሰላም ወለደች። ያ የባከነ ጊዜ ግን የኔ ጥፋት ነበር፤ ሁለት ዓመት አብረውን ሲኖሩ ቁልፉ የት እንደሚገኝና ቤቱ ለሹፌር እንዴት እንደሚነገር አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ተከራይ ሲገባ ከቁልፉ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ እሰጣለሁ፤ ያንኑ በቴሌግራምም እልካለሁ። እዚህ የማስረዳው ያንን ገጽ እንዴት እንደማዘጋጅ ነው። የምናገረው ስለማውቀው ዓይነት ቤት ነው፦ አዲስ አበባ ውስጥ አከራይም ተከራይም በአንድ ግቢ የሚኖሩበት፣ አንድ ዋና ቤትና ሦስት አራት ሰርቪስ ክፍል ያለው ግቢ። ኮንዶሚኒየም ለሚያከራይ ሰው የቆሻሻውና የበሩ ነገር ይለያል፤ ሌላው ብዙም አይለይም።

ውሉ ሌላ፣ ይህ ጽሑፍ ሌላ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ፣ ዘመኑና የመልቀቂያው ጉዳይ ቦታቸው ውሉ ውስጥ ነው። ቁልፍ በተሰጠ ማግስት በቴሌግራም «እንግዳ ካደረ ይህን ያህል ብር ይከፈላል» ብሎ መላክ ተከራዩ ያልፈረመበትን ነገር መጫን ነው፤ ጠቡም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የግድ መከበር ያለበት ነገር ካለ ከፊርማው በፊት ውሉ ላይ ይጻፍ።

ይህ ገጽ የሚይዘው ተከራዩ ዛሬ ማታ ወይም ነገ ጠዋት የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ቆሻሻውን የት ላድርግ፣ በሩ መቼ ይዘጋል፣ መብራት ቢጠፋ ማንን ልጥራ። እኔ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር የምመዝነው በዚህ ነው፦ ሰውየው አንብቦ የሚሠራው ነገር ከሌለ ይሰረዛል። «ግቢውን በሥርዓት መጠቀም ግዴታ ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ይወጣል፤ «ልብስ የሚሰጣው ከጓሮ ባለው ገመድ ላይ ነው» የሚለው ይቀራል።

ከመጻፍ በፊት ግቢውን ዙሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ለግማሽ ሰዓት ግቢውን እንደ እንግዳ ዙሩት። የክፍሉን መብራት የሚቆርጠው ብሬከር የትኛው ነው? አጥፍታችሁ ሞክሩት፤ በግምት የተጻፈ ብሬከር በክፉ ሰዓት የሌላውን ቤት መብራት ያጠፋል። የውሃው መዝጊያ የት ነው? ዓመት ሙሉ ያልተነካ መዝጊያ ዝጎ አልዞር ይላል፤ ስለዚህ ዘግታችሁ ክፈቱት። ቱቦ ፈንድቶ ውሃ ሲፈስ ተከራይ መዝጊያ ፍለጋ በጨለማ ሲዞር ማየት አልፈልግም።

የቆጣሪዎቹን ቁጥርና የዕለቱን ንባብ ተከራዩ ባለበት ፎቶ አንሱ። የቆሻሻ ማኅበሩ ልጆች ሲመጡ የሚመጡበትን ቀንና ሰዓት ራሳቸውን ጠይቁ፤ ከዓመት በፊት የነበረው ቀን ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ ከዋናው መንገድ ተነስታችሁ ወደ ቤታችሁ በእግር እየመጣችሁ መንገዱን ጻፉ። ይህ ለሌሊቱ ክፍል ያስፈልጋል፤ እመለስበታለሁ።

ሰውየውን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ

ግቢ ውስጥ ተከራዩ ወጣት ከሆነ «አንተ» ብለን እናወራለን፤ ወረቀት ላይ ግን «አንተ በሩን ዝጋ» ሲባል ትእዛዝ ይመስላል። ለአንድ ሰው ሲጻፍ «እርስዎ»፣ ለቤተሰብ ሲጻፍ «እናንተ» ይሻላል። ለባልና ሚስት «እናንተ» ማለት ሌላም ጥቅም አለው፤ ጽሑፉ የባልየው ብቻ አይሆንም። ቀን ቀን ቤት የምትውለው ሚስት ወይም የቤት ሠራተኛ ሆና፣ ጽሑፉ የሚላከው በባልየው ስልክ ብቻ ከሆነ ቆሻሻውን የምታወጣው ሰው ምንም አላነበበችም ማለት ነው። ለዚህ ነው የታተመው ወረቀት ከበሩ ጀርባ እንዲለጠፍ የምፈልገው። ሠራተኛዋ ወይም አያትየው የማያነቡ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን ራሴ ሄጄ አነብላቸዋለሁ። የድምፅ መልእክት ብቻ መላክ ግን አይበቃም፤ ሰው በጭንቅ ሰዓት የአምስት ደቂቃ ድምፅ እያዳመጠ ስልክ ቁጥር አይፈልግም።

«አይቻልም» እና «ክልክል ነው» የሚሉትን ቁጠሩ። ከሦስት ከበለጡ ቀንሱ። የምትከለክሉት ነገር ካለ ምክንያቱን በግማሽ መስመር ጨምሩ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ያልተጻፈውንም ይጠነቀቃል።

ቆጣሪና ውሃ

ቆጣሪ ለየብቻ ከሆነ ይህ ክፍል ሁለት መስመር ነው። የጋራ ከሆነ ግን አከፋፈሉ ውሉ ላይ ይሰፍርና እዚህ አሠራሩ ብቻ ይብራራል፦ ቢሉ በየትኛው ቀን ይመጣል፣ ማን ያሳያል፣ በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በክፍል። የመብራትም የውሃም ታሪፍ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ወይም የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋ የሚጨምርበት ነው። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ወደ ውዱ እርከን ይገባል። ተከራዩ ይህን ካላወቀ ቢሉ ሲበዛ «አከራይዋ የራሷን ጫነችብኝ» ብሎ ያስባል። ቢሉን ፎቶ አንስቶ በየወሩ መላክ ጥርጣሬውን ከሥሩ ያጠፋዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በእኛ ግቢ ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ከበራ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ስለዚህ የእንጀራ ቀን ተከፋፍለናል። ብሬከር በወረደ ቁጥር እየመለሱ ማብራት ገመዱን ያሞቀዋል። ማከፋፈያው አካባቢ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ወይም ሶኬቱ ሲነካ የሚፋጅ ከሆነ ኤሌክትሪሻን ሳያየው መልሶ ማብራት የለም። ይህን በጽሑፉ ውስጥ በአንድ መስመር አኖረዋለሁ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጪውን ቀን፣ ሮቶው የማን እንደሆነና ሲጎድል ማን እንደሚሞላው ጻፉ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ቆሻሻ

ከግቢ ጠብ አብዛኛው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቃል አትቆጥቡ። የሚጻፈው በሦስት ይከፈላል፦ ምን የት ይገባል፣ መቼ ይወጣል፣ ሳይመጡ ሲቀሩስ።

የምግብ ትርፍራፊ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ ውሃው ጠፍፎ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ይገባል። እርጥቡ ከደረቁ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ሲታሰር ሥሩ ይፈስሳል፣ ይሸታል፣ ውሻና አይጥ ይጠራል። የውሃ ሃይላንድ፣ ጣሳ፣ ብረታብረትና ያረጀ ጫማ ለብቻ በማዳበሪያ ይጠራቀማል፤ ቁራሌው ሲያልፍ ተከራዩ ራሱ ይሽጠው። ይህን «የናንተ ነው» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከቆሻሻው የሚለይ ሰው የሚገኘው ገንዘቡ የራሱ ሲሆን ነው። የተሰበረ ጠርሙስና ምላጭ በካርቶን ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ «ጠርሙስ» ተብሎ ይጻፍበታል። የማኅበሩ ልጆች ማዳበሪያውን በጀርባቸው ይሸከማሉ፣ በእጃቸውም ይጭኑታል፤ እጇ ተቆርጦ ያየኋት ልጅ ስላለች ይህን መስመር ከማንኛውም ጽሑፍ አላወጣውም።

ከከሰል ምድጃ የወጣ አመድ ላዩ ቀዝቅዞ ሆዱ ፍም ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያ ውስጥ ከገባ ከሰዓታት በኋላ እሳት ይነሳል። አመድ በብረት ጣሳ ያድራል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ በማግስቱ ይደፋል።

ሽንት ቤት ውስጥ የማይገባውን በስሙ ጥሩ። «ባዕድ ነገር አይጣል» ብትሉ ማንም አይገባውም። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ እርጥብ ሶፍት፣ ፀጉር፣ የምግብ ዘይት ብላችሁ ጻፉ። የአብዛኛው ግቢ ሽንት ቤት የሚፈስሰው ወደ ራሱ ጉድጓድ ነው፤ እነዚህ ሲገቡ ጉድጓዱ ያለ ጊዜው ይሞላል፣ የሚመጥጠው መኪና ይጠራል፣ ቱቦውም በዳይፐር ይደፈናል። መደፈኑ የሚታወቀው ሲለቀቅ ውሃው ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ሲወርድና የሻወሩ መውረጃ ጉርጉር ሲል ነው። በዚያን ጊዜ ተከራዩ ውሃ መልቀቁን አቁሞ ወዲያው እንዲነግራችሁ ጻፉ፤ አንድ ቀን ከዘገየ ወለሉ ላይ ይወጣል።

የማውጫው ጊዜ በእኛ ሰፈር ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ነው። ማታ ከበር ውጭ ማሳደር የለም፤ ውሻ ቀዶ ይበትነዋል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጎርፉ ይዞት ቦይ ይደፍናል። ልጆቹ ሳይመጡ ከቀሩ ቆሻሻው ወደ ባልዲው ይመለሳል እንጂ አጥር ሥር አይቀመጥም፤ ሁለት ቀን ካለፈ እኔ ለማኅበሩ እደውላለሁ። ጓሮ ላይ ፕላስቲክ ማቃጠል የለም፤ ጭሱ የሚገባው በጎረቤት መስኮት ነው።

ክፍያውንም ግልጽ አድርጉ። አዲስ አበባ ላይ የቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ተደምሮ ይመጣል። ተከራዩ የውሃውን ድርሻ ከከፈለ ለቆሻሻ ሌላ ብር ከእሱ መጠየቅ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ለልጆቹ በበዓል የሚሰጠው በፈቃድ ነው፤ «በፈቃድ» ተብሎ ይጻፍ።

የጸጥታ ሰዓት

«ማታ ማታ መረበሽ አይቻልም» የሚለውን የሚጥስ ሰው የለም፣ የሚያከብረውም የለም። ሰዓትና ድምፅ ጻፉ። እኛ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ተከራዩ ከውጭ አገር የመጣ ወይም በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ «በኛ አቆጣጠር» የሚል ጨምሩ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓትን ሌሊት 9 አድርጎ የወሰደ ሰው ገጥሞኛል።

በዚህ ሰዓት የሚረብሹትን ድምፆች እያሰባችሁ ዘርዝሩ። በእኛ ግቢ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ የብረቱ በር ሲወረወር፣ በር ይከፈትልኝ ተብሎ ክላክስ ሲነፋ፣ ከግድግዳ ጋር የተጠጋ የቴፕ ባስ። ለእያንዳንዱ መውጫ ስጡት። በሩ በእጅ ተይዞ ይዘጋ፤ ማታ የሚገባ ባለመኪና ከመድረሱ በፊት ይደውል ወይም ወርዶ ይክፈት፤ ቴፑ ከጎረቤት ግድግዳ ይራቅ። ሙቀጫ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ወለል ላይ ሲወቀጥ ያለው ንዝረት ሦስት ክፍል ድረስ ይሰማል።

ሕይወት ግን በሰዓት ብቻ አይሄድም። ኪዳን የሚሄድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይወጣል፤ በረመዳን ሱሁር የሚበላ ሌሊት ድስት ያሞቃል፤ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ደግሞ ቀን ይተኛል። እነዚህን ሰዎች «ከ3 ሰዓት በኋላ መግባትና መውጣት አይቻልም» ብላችሁ አታስሩ። የሚጠየቀው ድምፁን መቀነስ ነው፣ እንቅስቃሴውን ማቆም አይደለም። ክርስትና፣ ማኅበር፣ የልደት ድግስ ያለበት ከሁለት ቀን በፊት ለጎረቤት ይንገር፤ በዚያ ቀን እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ይፈቀዳል ብለን ተስማምተናል። ለቅሶ ፈቃድ አይጠየቅበትም።

ደንቡ ለአከራዩ ቤትም እንደሚሠራ ጻፉ። የኔ ልጆች እኩለ ሌሊት ኳስ እያዩ ሲጮኹ ተከራዩ ሊነግረኝ የሚችለው ይህ መስመር ካለ ብቻ ነው።

ክፉ ሌሊት

ይህ ክፍል በወረቀቱ ላይ ከላይ ይሁን፣ በትልቅ ፊደል። ሦስት ነገር ይይዛል፦ ቁጥሮቹ፣ የቤቱ መንገድ፣ የበሩ ቁልፍ።

አዲስ አበባ ላይ የእሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። መብራት 905፣ ውሃ 906 ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ የአከራዩ ስልክ፣ እሱ ካላነሳ የሚያነሳ ሁለተኛ ሰው ስልክ፣ የኤሌክትሪሻኑና የቧንቧ ሠራተኛው ስልክ ይጻፋል። ሁለተኛው ሰው የግድ ነው። አከራዩ ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጻፈው እዚህ ያለው ወኪል ነው። ዋሽንግተን ያለ ሰው በቴሌግራም ቢነቃ እንኳ በር ሊከፍት አይችልም።

ቅደም ተከተሉም ይጻፍ፦ መጀመሪያ ሰው ይወጣል፣ ከዚያ ለ939 ወይም ለ907 ይደወላል፣ ለአከራይ የሚደወለው በመጨረሻ ነው። ተከራይ የአከራዩን ፈቃድ እየጠበቀ ደቂቃ የሚያባክንበት ጊዜ አለ።

የቤቱን መንገድ ልክ በስልክ እንደሚነበብ ጻፉት። የሚጀምረው ሁሉም ሹፌር ከሚያውቀው ቦታ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት ወይም ድልድይ። ሱቅና ፋርማሲ ምልክት አይሆንም፤ ሌሊት ተዘግቶ አይታይም፣ ስሙም ይቀየራል። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ የመንገድ ዳር ምልክት ስለጠፋ የድሮ መግለጫችሁን እንደገና በእግራችሁ ፈትሹት። ቅያሱ ስንተኛው እንደሆነ፣ ቀኝ ወይም ግራ፣ መኪና እስከ በር ይገባ እንደሆነ፣ ካልገባ የት እንደሚቆም ይጻፍ። የበር ቀለም ብቻውን አይበቃም። እኛ ከዚያ ሌሊት በኋላ በሩ ላይ በትልቁ ቁጥር 7 ቀባን፤ በስልክ «ቁጥር 7 የተጻፈበት» ማለት ይቻላል። የቴሌግራም ሎኬሽንም ላኩ፤ ኔትወርክ ከሌለ ግን የሚያድነው ወረቀቱ ነው።

ቁልፉን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ቤት የግቢውን በር ቁልፍ ይያዝ። ከውስጥ በጓጉንቸር ተቆልፎ ቁልፉ በአንድ ሰው ትራስ ሥር ያለ ግቢ፣ እሳት ቢነሳ ማንንም አያስወጣም።

ከዚያ በኋላ ሁለት አደጋ ብቻ ለይቼ እጽፋለሁ፤ ሰው ሳያውቅ የሚሳሳትባቸው እነሱ ናቸው። አንዱ ከሰል ነው። በተዘጋ ክፍል የነደደ ወይም ለሙቀት የገባ ከሰል የሚያወጣው መርዛም ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ በቤቱ ባለው ሰው ሁሉ ላይ አንድ ላይ ከመጣ «ከምግቡ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ በር ክፈቱ፣ ወደ ውጭ ውጡ፣ 907 ደውሉ። ምድጃ ያለበት ክፍል ውስጥ አይተኛም። ሁለተኛው ሲሊንደር ነው። ጋዝ ከሸተተ መብራት ማብራትም ማጥፋትም የለም፣ ሁለቱም ብልጭታ አላቸው። የሲሊንደሩ ቁልፍ ይዘጋል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል፣ ስልክ የሚደወለው ውጭ ሆኖ ነው። አዲስ ሲሊንደር ሲገጠም መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ አረፋው ካበጠ ያፈስሳል።

የኔ ጽሑፍ ይህን ይመስላል

ባለፈው ጊዜ ለአንድ ባልና ሚስት ከሕፃን ልጃቸው ጋር የሰጠሁት ይኸው። ስልኮቹንና የሰፈሩን መነሻ አውጥቻቸዋለሁ፤ በባዶው የራሳችሁን ሙሉ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ቤቱ የሰላም ይሁንላችሁ።

ክፉ ነገር ቢገጥማችሁ ቅድሚያ ሰው ይውጣ። እሳት 939፣ አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ከዚያ ለእኔ በ……፣ ካላነሳሁ ለእህቴ በ…… ደውሉ። ሌሊትም ይሁን ደውሉ፤ ድምፁን አላጠፋም።

ለሹፌሩ ይህን አንብቡለት፦ ‹ከ…… ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች፣ በስተግራ ሁለተኛው ቅያስ፣ ኮብልስቶኑን ይዘው 100 ሜትር፣ በስተቀኝ ቁጥር 7 የተጻፈበት በር። አምቡላንስ እስከ በር ይገባል፤ ትልቅ መኪና ቅያሱ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ሰው ወጥቶ ይጠብቃል።›

የግቢው በር ከምሽቱ 4 ሰዓት ይቆለፋል፤ ሁለት ቁልፍ ሰጥቻችኋለሁ፣ በማንኛውም ሰዓት መግባትና መውጣት ትችላላችሁ።

የክፍላችሁ ብሬከር ከግራ ሦስተኛው ነው፣ ‹ሰ2› ተጽፎበታል። የውሃ መዝጊያው ከሮቶው ሥር ነው፣ ወደ ቀኝ ይዞራል። የናንተ የምጣድ ቀን ሰኞና ሐሙስ ነው፤ ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ሲበራ ይቆረጣል። የተቃጠለ ከሸተታችሁ አጥፉትና ጥሩኝ።

ውሃ የሚመጣው ረቡዕና እሁድ ነው። ቢሉ ሲወጣ ፎቶውን እልካለሁ፤ አከፋፈሉ ውሉ ላይ እንዳለው ነው። የቆሻሻ ክፍያ በውስጡ ስላለ ሌላ አትከፍሉም።

ቆሻሻ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ሲጣሩ ይወጣል። እርጥቡ በባለክዳኑ ባልዲ፣ ሃይላንድና ጣሳ ለብቻ፤ ለቁራሌው ሸጡት፣ የናንተ ነው። ጠርሙስ በካርቶን ጠቅልላችሁ ጻፉበት። አመድ በጣሳ ይደር። ዳይፐርና እርጥብ ሶፍት ሽንት ቤት አይግባ፤ ጉድጓዱ ይሞላል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ድምፅ እንቀንሳለን፤ እኛም ጭምር። በሩን በእጅ ዝጉት፣ ክላክስ አይነፋ። የሕፃን ለቅሶ ደንብ የለውም፤ አትጨነቁ። ድግስ ካላችሁ ከሁለት ቀን በፊት ንገሩን።

ከሰል ባለበት ክፍል አትተኙ። ጋዝ ከሸተተ ማብሪያ ሳትነኩ ሲሊንደሩን ዝጉትና ውጡ።

እናንተ ሳትኖሩ ቤታችሁ አልገባም። የሚጠገን ነገር ካለ ከአንድ ቀን በፊት እጠይቃችኋለሁ።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች የጨመርኩት አንዲት ተከራይ ከመግባቷ በፊት ስለጠየቀችኝ ነው፤ መልሱን ስጽፈው ሌሎቹም ሲፈልጉት እንደነበር ገባኝ። «የሕፃን ለቅሶ ደንብ የለውም» የሚለውም ለዚህ ቤተሰብ ብቻ የተጻፈ ነው። እናትየዋ ስታነብ ፊቷ ሲፈታ አይቻለሁ፤ ከበፊቱ ቤት በልጁ ለቅሶ ምክንያት ነበር የወጡት። ጽሑፉን ለእያንዳንዱ ተከራይ እንደገና ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለላጤ የተጻፈውን ለባለ ልጅ መስጠት አይሆንም።

ከሰጣችሁ በኋላ

ወረቀቱን ሰጥታችሁ አትሂዱ። አብራችሁ ዙሩ፤ ብሬከሩን እሱ ያጥፋ፣ የውሃ መዝጊያውን እሷ ትዝጋ፣ የበሩን ቁልፍ በጨለማ ይሞክሩት። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የሰፈሩን መንገድ ሳያዩ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ የሚደናቀፉበት ቦታ ካለ ስህተቱ የጽሑፉ ነውና እዚያው አስተካክሉት። በቴሌግራም የላካችሁትን ከላይ ፒን እንዲያደርጉት ንገሯቸው፤ ከሦስት ወር በኋላ ሰማንያ መልእክት ሥር ተቀብሮ አይገኝም።

በሳምንቱ አንድ ጊዜ ጠይቁ፦ «ያልገባችሁ ነገር አለ?» አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ቀን ያፍራል። ከዚያ የቆሻሻ ቀን ሲቀየር፣ የኤሌክትሪሻኑ ስልክ ሲለወጥ፣ የፈረቃው ቀን ሲዞር አዲስ ወረቀት አትሙና አሮጌውን ከበሩ ጀርባ ራሳችሁ አንሱት። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተለጥፎ አንዱ የድሮ ስልክ ይዞ አይቅር። እኔ ቀኑን ከግርጌ እጽፍበታለሁ፤ በመስከረምና በመጋቢት ደግሞ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ደውዬ አረጋግጣለሁ፣ ከ939ኙና ከመሰሎቹ በስተቀር። እነሱ ለችግር እንጂ ለሙከራ አይደወሉም።